የሙሽራው አባት በፈረንሳይኛ ይናገራሉ፤ የምተረጉመው እኔ ነኝ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ደሴ ነው የምኖረው። ታላቅ እህቴ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። ሙሽራው ፈረንሳዊ ነው። አባቱ በምሳው ሰዓት ንግግር ያደርጋሉ፤ የምተረጉመው እኔ ነኝ። እህቴ ራሷ ፈረንሳይኛ ጥሩ አድርጋ ትችላለች፤ በራሷ ሰርግ ግን ተነስታ አትተረጉምም። እኔ አዲስ አበባ አሊያንስ ፈረንሳይኛ ተምሬያለሁ፤ ከቤታችን ሌላ የሚችል የለም።

ንግግሩን በጽሑፍ ልከውልኛል። በፈረንሳይኛ ሳነበው ሳቄንም እንባዬንም መቆጣጠር አቃተኝ። ወደ አማርኛ መልሼ ለእናቴ ሳነብላት ግን ዝም አለች። ከዚያ "ልጁን በሰው ፊት ለምን ይሰድበዋል?" አለችኝ። ልጃቸው ሰነፍ እንደነበረ፣ መዳፉ ላይ ፀጉር እንደበቀለ ይላሉ። ዝናብ ከዘነበ የሚሉት አባባል አለ፤ አማርኛው ምንም ስሜት አይሰጥም። ስለ አማት አንድ ቀልድ አለ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው የወይን ብርጭቆውን እንዲያነሳ ይጋብዛሉ። ከዘመዶቻችን ግማሹ ሙስሊም ናቸው።

አጎቴ "የመጣልሽን ተናገሪ፣ ማን ያውቅብሻል" ይለኛል። ለእኔ ግን ሰውየውን መክዳት ነው። ቃል በቃል ብተረጉም ቤተሰቤ ይቀየማል። ብቀይር ዋሸሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

የሙሽራዋ እህት፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። እናትሽ ዝም ማለታቸው ጠቅሞሻል። ያ ዝምታ ሰርጉ ላይ በሦስት መቶ ሰው ፊት ቢመጣ ነበር ክፉው። አሁን የመጣው ሳሎናችሁ ውስጥ ነው፤ ማስተካከያ ጊዜም አለሽ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንቅልፍ የነሳሽ የቱ ነው? ፈረንሳይኛውን እሳሳታለሁ የሚለው ነው ወይስ እኒህን ሰው በቤተሰቤ ፊት አሳፍራለሁ የሚለው? ከደብዳቤሽ የገባኝ ሁለተኛው ነው። ፈረንሳይኛውማ ገብቶሻል፤ ባይገባሽ አትስቂም፣ አታለቅሺም ነበር። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ቋንቋ ችሎታሽ አይደለም። የምንነጋገረው አንድ አባት ስለ ልጁ ያለውን ፍቅር እናትሽ በሰሙት ጊዜ ለምን ስድብ እንደመሰላቸው ነው።

የአጎትሽን ምክር ተይው። ማንም አያውቅም ማለታቸውም ልክ አይደለም። ሙሽራዋ ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች። እሷ ለባሏ ትነግረዋለች፣ ባሏ ለአባቱ። ከሁሉ በላይ ግን አንቺ ራስሽ ይህን አትፈልጊም፤ ጨዋ ሰው ነሽ። ነገር ግን ቃል በቃል መተርጎምም ታማኝነት አይደለም። ሰውየው የደሴ ሰው ስለ ልጃቸው መዳፍ እንዲያውቅላቸው አይደለም ንግግር የጻፉት። ሰው ስቆ ልጃቸውን እንዲወድላቸው ነው። ቃሉ ደርሶ ፍቅሩ ከቀረ፣ ከንግግሩ ዋናው ቀርቷል።

በመሐል የሚያስታርቅ መንገድ አለ፣ እሱም ራሳቸውን መጠየቅ ነው። በዚህ ሳምንት ደውይላቸው፤ ቢቻል በቪዲዮ። ወረቀቱን ይዘሽ ቀልድ ቀልዱን እየነካሽ "እዚህ ጋ ሰው ምን እንዲሰማው ነው የፈለጉት?" በያቸው። የማይሻገረውን ስትነግሪያቸው ደግሞ እኛ ጋ ያለውን ንገሪያቸው፤ ከዚያ ፈረንሳይኛውን ራሳቸው ይለውጡት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለውጡ በእሳቸው አፍ ከገባ አንቺ የምትናገሪው የእሳቸውን ቃል ነው። መዋሸት የሚባል ነገር አይኖርም። ብዙ ሰው አስተርጓሚ ንግግሩ ሲጀመር ሥራ የሚጀምር ይመስለዋል። እንዲህ ላለው ንግግር ግን ከሥራው አብዛኛው ቀድሞ በስልክ ያልቃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ። እንደ ነገርሽኝ አድርጌ አንድ በአንድ ልሞክረው።

መጀመሪያ ያ የመዳፍ ፀጉር። ፈረንሳዮች ሥራ የማይወድን ሰው "እጁ ውስጥ ፀጉር አለው" ይሉታል፤ "ፕዋል ዳን ላ ማን"። እጁ ሥራ ስለማይነካ መዳፉ ፀጉር አበቀለ ነው ነገሩ። ለእነሱ የለመዱት አባባል ስለሆነ ማንም አይደነግጥም። እኛ ጋ እንዳለ ካስገባሽው ግን እንግዳው ሁሉ የሙሽራውን እጅ ለማየት አንገቱን ያስረዝማል። አባባሉን ትተሽ "ልጄ ሰነፍ ነበር" ካልሽ ደግሞ ቀልዱ ይጠፋና ስድቡ ብቻውን ይቀራል። እናትሽ የሰሙት ይሄንን ይመስለኛል።

እኔ ብሆን ይህን አባባል አልጥለውም። ምክንያቱም ሥዕሉ ለእኛም የሚገባ ነው፤ የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር መንገድ ጠራጊ ብቻ ነው። እንዲህ በይ፦ "እኛ አገር ሥራ የማይወድ ልጅ መዳፉ ላይ ፀጉር ይበቅላል ይባላል። የኔ ልጅ ደግሞ... ሹሩባ ልንሠራው ደርሰን ነበር።" ሹሩባዋን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እሳቸውን አስፈቅጂ። በእነሱም ዘንድ ፀጉሩ ስለረዘመ ሊጎነጎን ደረሰ ብሎ መቀለድ የታወቀ ስለሆነ ደስ ብሏቸው እንደሚቀበሉት እገምታለሁ። ሴቶቹ እንደሚስቁልሽ ደግሞ አልጠራጠርም። "የኔ ልጅ ደግሞ" ካልሽ በኋላ ትንሽ ቆም በይ። ሰው ሁሉ የሚመጣውን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ላንሳ። በፈረንሳይኛ ግሡ መሐል ላይ ያልፍና የሚያስቀው ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣል። በአማርኛ መጨረሻው የግሡ ነው። ረጅሙን የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከመለስሽው የሚያስቀው ቃል መሐል ተቀብሮ፣ ከኋላው "ብዬ ደወልኩላት" የሚል ነገር ይጎትታል። ሰው ሊስቅ ሲል አንቺ ገና አልጨረስሽም። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን መሰባበር ነው። አጭር፣ አጭር፣ ከዚያ የሚያስቀው ለብቻው።

ለምሳሌ ሳህን ያጠበበትን ታሪክ እንውሰድ፤ አብረሽ የላክሽልኝ ገጽ ላይ አለ። "ባለፈው ክረምት ልጄ ከምሳ በኋላ ሳህን ሲያጥብ ባየሁ ጊዜ ልጃችንን ለውጠውብናል ብዬ ለእናቱ ነገርኳት" ብለሽ ተርጉመሽዋል። ትክክል ነው፤ ግን አያስቅም። እንዲህ ብታደርጊውስ፦ "ባለፈው ሐምሌ ሁለቱም እኛ ቤት መጡ። ምሳ በላን። ልጄ ተነሳ። ማንም ሳያዘው ወደ ኩሽና ገባ። የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ሄጄ ሳይ ሳህን ያጥባል። እናቱን ጮኬ ጠራኋት፦ 'ነይ እይ! ልጃችንን ለውጠውብናል!'" ታሪኩ ያው ነው። ግን አሁን ሰው አብሯቸው ወደ ኩሽናው ይገባል፣ የሚያስቀውም መጨረሻ ላይ ይደርሳል። "ለውጠውብናል" ራሱ ከፈረንሳይኛው ጋር ልክክ ይላል፤ እነሱም እንዲሁ ነው የሚሉት። እንዲህ ያለ ዕድል ሲገኝ አትንኪው።

"ክረምት" ስትይ ጥሩ አድርገሻል። እነሱ ጋ ሐምሌ ፀሐያማ ወቅት ነው፤ መዝገበ ቃላቱን ተከትለሽ "በጋ" ብትዪ እኛ ጋ ሌላ ወቅት ይሆን ነበር። እኔ ግን "ሐምሌ" ብዬዋለሁ፤ የወር ስም ማንንም አያደናግርም።

"ማንም ሳያዘው" የሚለውን ደግሞ አደራ እንዳትረሺው። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል "ልጃችን ባሏን ሳህን ታሳጥባለች ማለት ነው?" ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። ያኔ ቀልዱ ከልጃቸው ላይ ተነስቶ እህትሽ ላይ ያርፋል። ሁለቱ ቃላት ግን ሥራውን የእሱ በጎ ፈቃድ ያደርጉታል። ለእናትሽ አንብቢላቸውና ፊታቸውን እይ። ካልከበዳቸው ይቆይ። እኔ እንዲቆይ እመኛለሁ።

አሁን ወደ ስድቡ ልመለስ፤ እናትሽን ያስከፋቸው ነገር ከቃሉ ይልቅ ከአቆራረጡ የመጣ ሊሆን ይችላል። የፈረንሳይ አባት በሰርግ ላይ መጀመሪያ ልጁን ይነካካል፣ ከዚያ ዞሮ ያሞግሰዋል። ንክኪው የሙገሳው መግቢያ ነው። ሰሚው ይህን ስለሚያውቅ መጨረሻውን ይጠብቃል። እኛም ጋ በሰርግ መነካካት ሞልቷል፤ ሚዜዎችና የሙሽራዋ ጓደኞች በዘፈን የሚሰዳደቡትን ማን ይረሳል። ግን ያ የእኩዮች ድርሻ ነው። አባት ከተነሳ ሰው የሚጠብቀው ምስክርነትና ምርቃት ነው። ሽማግሌ ልኮ ልጅህን ስጠኝ ያለ ቤተሰብ፣ ልጅቷ ተሰጥታው ሳለ "ልጄ ሰነፍ ነው" ሲል ሰው ይደነግጣል።

አንቺ ደግሞ በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ እየቆረጥሽ ከተረጎምሽ፣ የደሴው እንግዳ ስድቡን ሰምቶ ሙገሳው እስኪመጣ በማይገባው ቋንቋ መሐል ይጠብቃል። ያ አንድ ደቂቃ ክፉ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከሰውየው ጋር የምትቆርጡበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩ። ቀልዱና ማሰሪያው አይለያዩ። የመዳፉ ፀጉርና የሳህኑ ታሪክ አንድ ላይ ይባሉ፤ "ለውጠውብናል" ካሉ በኋላም "የለወጠችው አንቺ ነሽ" ብለው ወደ እህትሽ እስኪዞሩ ድረስ አንቺ አትጀምሪ። ረዘም ይልብሻል፤ ግን ወረቀቱ እጅሽ ላይ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል።

እሳቸው ደግሞ ከልጃቸው በፊት ስለ ራሳቸው አንድ የሚያስቅ ነገር ቢናገሩ መንገዱ ይለሰልሳል። "ስንፍናውን ከማን ወረሰው ብላችሁ አትጠይቁኝ" ቢሉ በቂ ነው። መጀመሪያ ራሱ ላይ የሳቀ ሰው በልጁ ላይ ቢቀልድ ማንም አይቀየመውም።

የዝናቡ ነገር ከሁሉም ይለያል። ፈረንሳዮች በሰርግ ቀን ሲዘንብ "ማሪያዥ ፕሉቭዮ፣ ማሪያዥ ኧሮ" ይላሉ። ዝናብ የዘነበበት ጋብቻ ደስተኛ ነው ማለት ነው። ደስ የሚለው ግን ከትርጉሙ ይልቅ ቤት መምታቱ ነው፤ "ፕሉቭዮ" ሲነጣጠልም "ፕሉ ቭዮ" ሆኖ "ይበልጥ ያረጀ" ይሆናል። ይሄ ድምፅ ላይ የቆመ ጨዋታ ነው፤ ፈረንሳይኛ ለማያውቅ ሰው ማሻገር አይቻልም። ሰምና ወርቅ ለምዶ ላደገ ሰው ብታስረጂው ይገባዋል፤ ግን ሰርግ ላይ የተብራራ ቀልድ አያስቅም። በግድ ሌላ ቤት የሚመታ አማርኛ ለመፍጠርም አትድከሚ።

እኛ ጋ ግን ስለ ሰርግና ስለ ዝናብ የተባለ ነገር አለ! በልጅነትሽ "ድስት አትላሺ፣ በሰርግሽ ቀን ይዘንባል" አላሉሽም? ይህን ለሰውየው ንገሪያቸው። የሚወዱት ይመስለኛል። ከዚያ ራሳቸው በፈረንሳይኛ እንዲህ ቢሉስ፦ "እኛ አገር በሰርግ ቀን ሲዘንብ መልካም ዕድል ነው ይባላል። እዚህ ደግሞ ሙሽራው በልጅነቱ ድስት ልሷል ማለት ነው አሉኝ። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ምስክር ነኝ።" ፈረንሳዮቹ አዲስ ነገር ሰምተው ይስቃሉ። የእናንተ ሰው ደግሞ የእናቱን ቃል ከእንግዳ አፍ ሲሰማ ምን እንደሚሆን አስቢው። እንግዳው ስለ እኛ ጠይቆ ያውቃል፣ ደክሞ ተምሯል የሚለው ስሜት ከቀልዱ ይበልጣል።

ከፋሲካ በኋላ ደሴ የበልግ ዝናብ ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል። ይህን ክፍል ለብቻው በአንድ ወረቀት ጻፊው። ከዘነበ ይገባል፣ ካልዘነበ ይዘለላል። ፀሐይ እየወጣ ስለ ዝናብ ቢወራ ግን አያምርም።

ስለ አማቷ የተጻፈውን ቀልድ አስወጪው። በፈረንሳይ የአማት ቀልድ የቆየ ነው፤ ከልምድ የሚባል ነው እንጂ ክፋት የለበትም። እናትሽ ግን በዚያ ቀን አዳራሹ ፊት የተቀመጡ አማት ናቸው፤ የሙሽራውም እናት እንዲሁ። በቀጥታ ንገሪያቸው፤ ይረዱሻል። በምትኩ ለእናትሽ አንድ የምስጋና ቃል ያስገቡ። እናትሽን በወረቀቱ ላይ በስማቸው ብቻ ነው የጠሯቸው። እነሱ ጋ ይህ ቅርርብ ነው። አንቺ ግን "ወይዘሮ" ጨምሪና በ"እርስዎ" ተናገሪ፤ ቤታችሁ የለመደው "አንቱ" ከሆነ በ"አንቱ"። ለእህትሽ ግን "አንቺ" ይሁን። ምራቱን "እርስዎ" የሚል አባት ሩቅ ይመስላል። "ቤል ፊይ" የሚለውንም ከ"ምራቴ" ይልቅ አንዳንድ ቦታ "ልጄ" ብለሽ መልሺው። ያኔ እናትሽ የሚሰሙት ልጃቸው ሌላ አባት ማግኘቷን ነው።

ብርጭቆው ቀላል ነው። "ጠጅ የያዘ፣ ብርዝ የያዘ፣ ለስላሳ የያዘ፣ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሱ" በይ። ወይን የሚለው ቃል አያስፈልግም፤ ፈረንሳይኛውም ብርጭቆ ነው እንጂ ወይን አይልም። ለሁለቱም ወገን ለየብቻ አርዶና አብስሎ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሚያበላ የወሎ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ለእሳቸው ግን አስረጂያቸው፤ ይህንን ማወቅ አለባቸው።

የብርጭቆው መጨረሻ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር በጣም ወድጃታለሁ። "ለሁለታችሁ፣ ለፍቅራችሁ፣ ለምራቴም ትዕግሥት!" ብለው ነው የሚጨርሱት። እንዳለ ብትመልሺው "ለትዕግሥት እንጠጣ" ይሆንና ማንም አይገባውም። እኛ ጋ ለአንድ ነገር ብሎ መጠጣት ቦታው ትንሽ ነው። ምርቃት ግን እያንዳንዱ ሰው ይዞት ያደገው ነው፤ አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው አሜን ይላል። ስለዚህ ይህችን መዝጊያ ወደ ምርቃት አዙሪያት፦

"ጋብቻችሁ የሰመረ ይሁን።" አሜን ይላል ሰው።

"ፍቅራችሁን ያዝልቅላችሁ።" አሜን።

"ለምራቴ ደግሞ... ትዕግሥቱን ይስጣት።" አሜን!

ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚሆን ይታይሻል? ሰው በልማድ አሜን ካለ በኋላ ነው ምን እንዳለ የሚገባው። ሳቁ ከራሱ አሜን ይወጣል። ቀልዱን አንቺ አልተናገርሽውም፣ አዳራሹ ራሱ ጨረሰው። ፈረንሳይኛው ላይ ያለችው ጣፋጭ ነገር አንዷም አልጠፋችም። ወዲያው ግን በቁም ነገር አንድ ምርቃት ይከተል፤ ምርቃት በሳቅ ብቻ አይዘጋም። ይህ ሁሉ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ከመድረሱ በፊት ይለቅ። እነሱ መርቀው ከዘጉ በኋላ ሌላ ሰው ቢነሳ ደስ አይልም። መርሐ ግብር የሚመራውን ሰው ከወዲሁ አነጋግሪው።

አሁን ስለ አነጋገርሽ። "እኔ" እያልሽ ተናገሪ። "አባቱ እንዲህ ይላሉ፣ ደግሞ እንዲህ ይላሉ" ካልሽ ፍቅሩ ሁሉ ዜና ይሆናል። ግን አንቺ የሙሽራዋ ታናሽ እህት "ልጄ" ስትዪ ሰው ግራ ሊገባው ይችላል። መጀመሪያ ላይ "ከአሁን ጀምሮ 'እኔ' ስል የሙሽራው አባት ናቸው፤ ልጅ እንዳለኝ አድርጋችሁ ስሙኝ" በይ። ይህችም ራሷ ታስቃለች፣ ለአንቺም እፎይታ ናት።

ርዝመቱን እዪ። እሳቸው አምስት ደቂቃ ከተናገሩ፣ ያንቺ ሲጨመር፣ ሁለት ጊዜ ሲሳቅ፣ ከአሥር ደቂቃ ያልፋል። ምሳ የበላ ሰው አሥር ደቂቃ አይታገስም። ፈረንሳይኛውን ወደ ሦስት ደቂቃ፣ ማለትም ቀስ ብሎ ለተነበበ አንድ ገጽ አካባቢ፣ እንዲያወርዱት ጠይቂያቸው። የአማቷ ቀልድ ስትወጣ ግማሹ መንገድ ተሄዷል።

አንድ የምትዘጋጂበት ነገር አለ። ፈረንሳዮቹ ቀድመው ይስቃሉ። ያኔ የእናንተ ሰው "ምን ብለው ነው? በእኛ ነው የሚስቁት?" ይላል። ሳቁ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም አትጠብቂ፤ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር ግቢ። አንቺም ከፈረንሳዮቹ ጋር ቀድመሽ አትሳቂ። ፈገግ በይ እንጂ ሳቁን ከራስሽ ሰዎች ጋር ሳቂ።

ሰውየው ሞቅ ብሏቸው ከወረቀቱ ቢወጡስ? ሊሆን ይችላል። የገባሽን ከስሜቱ ጋር ባጭሩ መልሺ። ቀልድ ሆኖ ካላዋጣሽ "ልጃቸው ትንሽ ሳለ ያደረገውን አስታውሰው ነው፤ በጣም ይወዱታል" ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነው። "ቀልድ ተናግረዋልና ሳቁላቸው" ብቻ አትበይ። ትዕዛዝ ይሆናል፣ እሳቸውንም ትንሽ ያደርጋቸዋል።

ለሙከራ እናትሽን አንዴ ሞክረሻቸዋል፤ አሁን አዲሱን ይዘሽ ሂጂ። ወረቀት አትስጪያቸው፣ ቆመሽ ተናገሪላቸው። ከዚያ ለአንዲት ሙስሊም ጎረቤታችሁ ወይም አክስትሽ። የት ጋ ፊታቸው እንደፈካ፣ የት ጋ እንደተያዘ ምልክት አድርጊ። እህትሽ ንግግሩን አይታዋለች ወይስ ድንገቴ ነው? ካላየችው አታሳያት፤ ለሙሽራው ሚዜ ብታሳዪው ይበቃል፣ እሱ የትኛው ታሪክ ሙሽራውን እንደሚያሸማቅቀው ያውቃል። ሰውየው ደሴ ሲገቡ ደግሞ ከሰርጉ በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ ቆማችሁ አንድ ጊዜ ተለማመዱት።

የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ የሚያመጣውን ሰው ሁለት ማይክ እንዲያዘጋጅ ንገሪው። አንድ ማይክ እየተቀባበላችሁ ከሆነ የሳቁ ጊዜ በመቀባበል ያልቃል።

ይሄንንም ጨምሪበት፤ ፈቃደኛ ከሆኑ የመጨረሻዋን ምርቃት ራሳቸው በአማርኛ ይበሏት። "ወልዳችሁ ሳሙ" ለፈረንሳዊ አፍ የምትከብድ አይደለችም፤ ጠ፣ ጨ፣ ቀ የሚባል ነገር የለባትም። "ሁ"ን ቢውጧት እንኳ "ወልዳቹ" ይሆናል፣ እኛም ስናወራ የምንለው እሱን ነው። ድምፅሽን ቀድተሽ በቴሌግራም ላኪላቸው፤ ቀስ ብለሽ አንዴ፣ እንደምናወራው አንዴ። አሜንን ለዘመዶቻቸው ንገሪ፤ የእነሱም ቃል ከእኛው ጋር ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አብረው እንዲሉ። የሽማግሌዎቹን ምርቃት ወደ ፈረንሳይኛ የምትመልሺውም አንቺ ስለሆንሽ፣ ከአባትሽ ወይም ከአጎትሽ ማን እንደሚመርቅና ብዙ ጊዜ ምን እንደሚሉ አሁኑኑ ጠይቂ።